የፋሲካ ፎርሙላዬ በ2012 እና በ2016 ብቻ አንድ ሳምንት ይቀድማል፤ ችግሩ የት ነው?

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ክረምት በመጣ ቁጥር የዓመቱን ዕቅድ ስናወጣ የበዓላቱን ቀን ከግድግዳ ካላንደር ላይ እያየን ነው የምንገለብጠው። ዘንድሮ ግን ካላንደሩ እስኪታተም አልጠብቅም ብዬ ኤክሴል ላይ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ስጽፍለት ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ሆሳዕናን፣ ስቅለትንና ፋሲካን ራሱ እንዲያወጣልኝ ነው።

የባሕረ ሐሳቡን ስሌት ከአባቴ ነው የተማርኩት። እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

```
A2: 2016
B2: =MOD(A2+5499,19)
C2: =MOD(B2*19,30)
D2: =DATE(A2+7,9,11)
E2: =D2+IF(C2<14,C2+30,C2)-1
F2: =E2+120+IF(WEEKDAY(E2)=7,8,8-WEEKDAY(E2))
G2: =F2+69
```

B ወንበር ነው፣ C መጥቅዕ፣ D መስከረም 1፣ E በዓለ መጥቅዕ የሚውልበት ቀን፣ F ነነዌ፣ G ፋሲካ። ከ2008 እስከ 2018 ያለውን ከቆዩ ካላንደሮች ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ልክ ነው። 2012 እና 2016 ግን እምቢ አሉኝ። 2012 ላይ ኤፕሪል 12 ይላል፣ የዋለው ኤፕሪል 19 ነው። 2016 ላይ ኤፕሪል 28 ይላል፣ እኛ ያከበርነው ግን ሜይ 5 ነው። ሁለቱም ላይ ልክ አንድ ሳምንት ቀደመ።

ግራ የገባኝ ነነዌ በሁሉም ዓመት ሰኞ መውጣቱ ነው። ፋሲካም ሁሌ እሑድ ነው። ታዲያ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

---

ሮኬት

ይሄማ ቀላል ነው። ኤፕሪል 12 2020 እኮ የካቶሊኮቹ ፋሲካ ነው! ፎርሙላሽ የእነሱን ነው ያወጣልሽ። እኔ ጋ ከኢንተርኔት ያገኘሁት አንድ መስመር ፎርሙላ አለ፣ ይህን ሁሉ ኮለም አያስፈልገውም። የፈረንጁን ዓመት ብቻ ትሰጪዋለሽ። 2025ን ሞክሬው ኤፕሪል 20 ብሎ በትክክል አውጥቷል። በውስጥ ልላክልሽ?

---

የከዚራዋ

አመሰግናለሁ ሮኬት። ግን 2016 ላይስ? በዚያ ዓመት የካቶሊኮቹ ማርች 31 ነበር፣ የኔ ሰንጠረዥ የሚለው ኤፕሪል 28። የማንም አይደለም።

---

ሒሳብ ሹም (ድሬዳዋ)

@ሮኬት ያቺ ፎርሙላ የምዕራቡን ፋሲካ ነው የምታወጣው። በ2017 የእኛና የእነሱ አንድ ቀን ስለዋለ ነው ልክ የመሰለችህ። እስኪ 2026ን ስጣት። ኤፕሪል 5 ትልሃለች። የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። ሁለቱ በሚገጣጠሙበት ዓመት ተፈትኖ ያለፈ ፎርሙላ ገና አልተፈተነም።

@የከዚራዋ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ። E2 ላይ ያለው አሠራር ግን ወድጄዋለሁ።

---

የቁልቢ መንገደኛ

እህቴ የበዓል ሰንጠረዥ ከሠራሽ ቁልቢ ገብርኤልንም ጨምሪበት፣ ብዙ ሰው ይጠቀማል። እኛ ቤት በዚህ ነገር የየዓመት ጭቅጭቅ ነው። ጅቡቲ ያለው ወንድሜ «ቁልቢ ዲሴምበር 28 ነው» ብሎ በ2016 ትኬቱን ቆረጠ። ታኅሣሥ 19 ግን በዚያ ዓመት 29 ላይ ነበር። ባቡር ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኩት፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ቤት ተቀምጦ «የዚህ አገር ካላንደር» እያለ ሲያማርር ዋለ። ለ2019 ስንት ላይ ነው የሚውለው? አሁኑኑ ልንገረው ብዬ ነው።

---

ዲያቆን ዘሐረር

የቁልቢው ወንድማችን ሳያስበው መልሱን የተናገረ ይመስለኛል። ኤክሴል ላይ ብዙ እጅ የለኝም፣ ስሌቱን ግን በጣቴም ቢሆን አውቀዋለሁ። እስቲ 2016ን በእጅ እንሥራው።

5500 ሲደመር 2016፣ ዓመተ ዓለሙ 7516 ነው። ለ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ 10 ሆነ። 10 በ19 ሲባዛ 190፣ በ30 ሲገደፍ 10። መጥቅዑ 10 ነው። ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 10 ይውላል። እስከዚህ የእህታችን ፎርሙላ አንድም ጉድለት የለበትም።

ቀጥሎ ጥቅምት 10 ቀን 2016 ምን ዕለት ነበር? ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 10 እና 8፣ 18። መባጃ ሐመሩ 18 ስለሆነ ነነዌ የካቲት 18 ገባ። ከነነዌ 69 ቀን ቆጥረሽ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነው፣ እሱም ሜይ 5።

የከዚራዋ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። የአንቺ E2 ጥቅምት 10ን ምን ቀን ይለዋል?

---

የከዚራዋ

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓርብ፣ ኦክቶበር 20 ነው የሚለው።

---

ዲያቆን ዘሐረር

እንግዲህ አገኘነው። የዓርብ ተውሳክ 2 ነው፣ የቅዳሜ 8። ልዩነቱ ስድስት ነው። ሰንጠረዥሽ ጥቅምት 10ን አንድ ቀን አስቀድሞታል፣ ከዚያ ተውሳኩን ስድስት ቀነሰበት። አንድና ስድስት ሰባት ነው።

መስከረም 1 ሁሌ ሴፕቴምበር 11 አይደለም። 2012 እና 2016 ሁለቱም ዘመነ ዮሐንስ ናቸው። ከፊታቸው ያለው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለሚሆን ዘመነ ዮሐንስ የሚብተው ሴፕቴምበር 12 ነው። የቁልቢው ወንድም ትኬትም በዚሁ ነው የተሳሳተው።

---

ሮኬት

ቆይ ቆይ። 2008ም ዘመነ ዮሐንስ ነው እኮ። እሱ ለምን ልክ ወጣላት ታዲያ? እንዲህ ከሆነ በየአራት ዓመቱ መሳሳት ነበረበት።

---

ሒሳብ ሹም

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይህን ስህተት ተንኮለኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የF ኮለም ሥራ ምንድን ነው? ከበዓለ መጥቅዕ 122ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 128ኛው ባለው ሰባት ቀን ውስጥ ያለውን ሰኞ መፈለግ ነው። ተውሳኮቹን በየዕለታቸው ብትደምራቸው ሁሌም እዚያ ሰኞ ላይ ነው የሚያርፉት። መነሻህ አንድ ቀን ወደኋላ ከተንሸራተተ ፍለጋው ከ121 እስከ 127 ይሆናል። ሰኞው መሐል ላይ ካለ ምንም አይቀየርም፣ ያው ሰኞ ይገኛል። የሚቀየረው ትክክለኛው ሰኞ 128ኛው ቀን ላይ ሲሆን ብቻ ነው። እሱ ይቀርና የቀደመው ሳምንት ሰኞ ይያዛል። ያ ደግሞ የሚሆነው በዓለ መጥቅዕ ቅዳሜ ሲውል ነው።

በ2008 በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 8 ነበር፣ ሰኞ። ስለዚህ ስህተቱ ተደበቀ። 2012 ላይ መስከረም 24 ቅዳሜ፣ 2016 ላይ ጥቅምት 10 ቅዳሜ። ሁለቱም ተጋለጡ። 2020 ላይ መስከረም 26 ሐሙስ ነው፣ ተመልሶ ይደበቃል።

«ነነዌ ሁሌ ሰኞ ይወጣልኛል» ያልሽው ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው። ፎርሙላው ራሱ ሰኞን እየፈለገ ነው የሚሄደው። መስከረም 1ን አንድ ወር አሳስተሽ ብትሰጪውም ሰኞ ያመጣልሻል።

የሚስተካከለው D2 ብቻ ነው፦

```
D2: =DATE(A2+7,9,IF(MOD(A2,4)=0,12,11))
```

ይህ እስከ 2092 ድረስ ይበቃሻል።

---

የከዚራዋ

ሠራ!! 2012 ኤፕሪል 19፣ 2016 ሜይ 5። አቦ ተባረኩ። ሁለት ማታ ሙሉ C2ን ነበር ስጠራጠር የቆየሁት።

@የቁልቢ መንገደኛ ታኅሣሥ 19 ከመስከረም 1 ስትነሳ 108 ቀን ነው፣ `=D2+108`። ለ2019 ዲሴምበር 28 ሰኞ ይላል። ለ2020 ዲሴምበር 29። ለወንድምህ ሁለቱንም ንገረው።

ግን ሒሳብ ሹም፣ ለምን እስከ 2092 ብቻ?

---

ሒሳብ ሹም

ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን ስለሚዘሉት ነው። የእኛ ጳጉሜን ግን በየአራት ዓመቱ ስድስት መሆኑን አያቋርጥም። ስለዚህ የ2093 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 2100 ይሆናል፣ ከላይ ያለው ፎርሙላ ደግሞ 11 ይላል። ያው የቀድሞ ስህተት ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው፣ ያውም በየዓመቱ።

የትምህርት ቤት ዕቅድ እስከዚያ አይደርስም፣ አውቃለሁ። ግን «ለማንኛውም ዓመት» ካልን የፈረንጁን ካላንደር ከስሌቱ ማውጣት ይሻላል። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በተራ ቁጥር ነው። የእኛም ዓመት 365 ቀን ሆኖ በየአራት ዓመቱ አንድ ይጨምራል። ስለዚህ፦

```
D2: =365*A2+INT(A2/4)-691163
```

በ2016 ብንሞክረው 735840 እና 504 ተደምሮ 691163 ሲቀነስ 45181 ይመጣል። ያ ቁጥር ኤክሴል ዘንድ ሴፕቴምበር 12 2023 ነው። በቃ፣ ዘመነ ዮሐንስ የቱ እንደሆነ መጠየቅ ቀረ። የ`INT(A2/4)` ሥራ እሱ ነው።

---

አቦል

እኔ ስልኬ ላይ ሞከርኩት፣ ቀን ሳይሆን 45181 ብሎ ቁጭ አለ። `DATE` ያለበት ፎርሙላ ደግሞ ጭራሽ ኤረር ነው። ኮማውን አልወደደውም መሰለኝ።

---

ሒሳብ ሹም

45181 ልክ ነው፣ የሴሉን ፎርማት ወደ ቀን ቀይረው። ኮማውን በተመለከተ የሺትህ አገር ምርጫ ፈረንሳይ ወይም ሌላ የአውሮፓ አገር ሆኖ ይሆናል። እነሱ ጋ በኮማ ፈንታ `;` ነው የሚጻፈው። ምርጫውን ቀይር ወይም ኮማዎቹን በሙሉ በ`;` ተካ።

---

አቦል

ፈረንሳይ ነው አዎ። ስልኩ ከጅቡቲ ነው የመጣው 😄 ሠርቷል።

---

ዲያቆን ዘሐረር

አንድ ጥያቄ ለሒሳብ ሹም። በእጅ ስንሠራ መጥቅዕ 0 ሲመጣ 30 እንለዋለን፣ መስከረም 30 ይውላል። 2006 እንዲያ ነበር፣ ቀጥሎ የሚመጣው 2025 ነው። እዚህ ፎርሙላ ላይ ግን ስለ 0 የተጻፈ ነገር አላየሁም። አይሰናከልም ወይ?

ሌላው መባጃ ሐመር ነው። በ2017 መጥቅዕ 29፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ተውሳክ 4፣ ድምሩ 33 ሆነ። እኛ 30ውን ገድፈን 3 እንይዛለን፣ ወሩንም ከጥር ወደ የካቲት እናሻግራለን። እሱስ የት ሄደ?

---

ሒሳብ ሹም

ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ይሄዳሉ፣ ዲያቆን። 0 ከ14 ስለሚያንስ `IF` 30 ይደምርበታል። ያኔ 30 ሆነ፣ ከመስከረም 1 ሲቆጠር 30ኛው ቀን መስከረም 30 ነው። ጥቅምት 10 ደግሞ 40ኛው ቀን። እህታችን ወሩን ትታ ከመስከረም 1 ጀምራ ቀን መቁጠሯ ነው ነገሩን ያቀለለው። አውቃ ይሁን በዕድል አላውቅም 🙂

33ቱም እንዲሁ ነው። ከጥር 1 ጀምሮ 33ኛው ቀን የካቲት 3 ነው፣ መግደፍ አያስፈልግም። እዚህ ጋ `MOD` የሚጨምር ሰው ካለ ግን ችግር ላይ ይወድቃል፤ ነነዌ ጥር 3 ይመጣበትና ፋሲካ አንድ ወር ይቀድማል።

---

የከዚራዋ

አውቄ ነው 😊 ወር መቁጠር ሲሰለቸኝ።

የአበሻውን ቀን ለማሳየት እንዲህ ጨምሬያለሁ። P1 እስከ P13 ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ስማቸውን ጽፌ፦

```
H2: =INDEX($P$1:$P$13,INT((G2-D2)/30)+1)&" "&(MOD(G2-D2,30)+1)
```

ለ2018 ሚያዝያ 4 ይላል። 2020ን በድሮው D2 ሚያዝያ 9 ነበር የሚለኝ፣ አሁን ሚያዝያ 8 ሆኗል። የፈረንጁ ቀን ሳይቀየር የእኛው ብቻ ነበር የተሳሳተው ማለት ነው።

2019ን ሳየው ደነገጥኩ። ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22፣ የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ 23፣ ፋሲካ እሑድ 24፣ ከዚያ ረቡዕ 27 የአርበኞች ቀን። የፈተና ሳምንት እዚያ ላይ ለማስገባት አስበን ነበር። ይህን ለርዕሰ መምህሩ ዛሬውኑ ማሳየት አለብኝ።

---

ዲያቆን ዘሐረር

ነነዌ እስከተገኘ ድረስ የቀሩት ሁሉ በተውሳካቸው ይከተላሉ። ዐቢይ ጾም 14፣ ደብረ ዘይት 41፣ ሆሳዕና 62፣ ስቅለት 67፣ ፋሲካ 69፣ ርክበ ካህናት 93፣ ዕርገት 108፣ ጰራቅሊጦስ 118፣ ጾመ ሐዋርያት 119፣ ጾመ ድኅነት 121። ሁሉንም ከF2 ነው የምትደምሪው፣ ከፋሲካ እንዳትነሺ።

ማረጋገጫ ካስፈለገሽ ደግሞ ዳር ድንበሩን ያዥ። ነነዌ ከጥር 17 በታች አይወርድም፣ ከየካቲት 21 በላይ አይወጣም። ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ነው። ከዚያ ከወጣ ስሌቱ ተበላሽቷል።

---

ሒሳብ ሹም

ድንበሩ ጥሩ ነው፣ ግን የዛሬውን ስህተት አይዝም ነበር። ሚያዝያ 20 አካባቢ ያለ ፋሲካ በአንድ ሳምንት ቢቀድምም ድንበሩ ውስጥ ነው ያለው። እኔ የምለው ሌላ መንገድ የሚሄድ ስሌት ጎን ለጎን ይቀመጥ። ይቺ የፈረንጅ ዓመትን ይዛ በጁሊያን ካላንደር ነው የምትሠራው፣ ወንበርም ተውሳክም አታውቅም፦

```
M2: =A2+8
N2: =MOD(19*MOD(M2,19)+15,30)
O2: =DATE(M2,4,4)+N2+MOD(2*MOD(M2,4)+4*MOD(M2,7)-N2+34,7)
```

O2 እና G2 ከተለያዩ ቀይ ይሁን ብለሽ ፎርማት አድርጊው። ይቺኛዋ የምታገለግለው በፈረንጅ ከ1900 እስከ 2099 ነው፣ ለማመሳከሪያ በቂ ነው።

---

ሮኬት

እሺ ስለ ፋሲካው ተረትቻለሁ። ግን ገናን አትርሱ። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ነው የሚውለው። ስለዚህ 2019 ላይ 28 አድርጊው።

---

ዲያቆን ዘሐረር

ግማሹ ልክ ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በ2019 መጨረሻ ላይ ነው፣ የ2019 ገና ግን ያኔ ካለፈ ቆይቷል። 28 የሚሆነው በተከታዩ ዓመት፣ በ2020 ነው። ጥምቀት ግን ጥር 11 ቆሞ ይቀራል። በ2016ም እንዲሁ ነበር፣ ገና ጃንዋሪ 7 ሲሆን ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋለ።

---

የከዚራዋ

`=D2+IF(MOD(A2,4)=0,117,118)` አደረግሁት። በየዓመቱ ጃንዋሪ 7 ያወጣል።

---

ጁገል (ሐረር)

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ድሬና ሐረር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ሰንጠረዥ ግማሽ ነው እኮ። ዒድ የት አለ? አረፋ፣ መውሊድ? እኛ ጋ ደግሞ ሹዋሊድ አለ። እነዚህም ተንቀሳቃሽ ናቸው፣ ያውም በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደኋላ እየሄዱ።

---

የከዚራዋ

ልክ ነህ ጁገል። ግማሹ ተማሪ የሚጠብቀው እሱን ነው። ያልጀመርኩት ጨረቃ በፎርሙላ አትያዝም ብዬ ፈርቼ ነው።

---

ሒሳብ ሹም

ትያዛለች፣ ግን በግምት። 30 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ አንድ ቀን የሚጨምር የሒጅራ ሰንጠረዥ አለ። ሌላ ሺት ክፈቺና በሒጅራ ዓመት አስኬጂው፦

```
A2: 1447
B2: =354*(A2-1)+INT((11*A2+3)/30)-466313
C2: 
D2: =IF(C2="",B2,C2)
```

B የዒድ አልፈጥር ግምት ነው። ለ1447 ማርች 20 2026 ይሰጣል፣ መጋቢት 11 ቀን 2018። C ባዶ ይቆያል። ጨረቃዋ ታይታ ቀኑ ሲታወጅ እዚያ በእጅ ትጽፊያለሽ፣ D ያንን ይይዛል። ከB ጋር አንድ ቀን ቢለያይ አትደነቂ፣ ፎርሙላ ሰማይ አያይም።

---

ጁገል

ይህ ተመችቶኛል። ሹዋሊድ የሸዋል 8 ነው፣ ከዒድ ማግስት የሚጾመው ስድስት ቀን ካለቀ በኋላ። ስለዚህ `=D2+7`፣ ከB ሳይሆን ከD። ዒዱ በአንድ ቀን ከተገፋ ሹዋሊድም አብሮ ይገፋል።

አረፋን ግን ከዒድ አልፈጥር እንዳትቆጥሪው። በግምት 68 ቀን ነው፣ ሆኖም የዙልሒጃ ጨረቃ ለብቻዋ ነው የምትታየው። የራሱ C ያስፈልገዋል።

ሌላ ነገር። የዕቅድ ወረቀቱ ላይ ግምቱን እንደ ቁርጥ ቀን አትጻፉት። አንድ ጊዜ የሠራሁበት ቦታ በካላንደር የታተመውን ቀን ብቻ አምነው ስብሰባ ጠሩ፣ ዒዱ በዚያው ቀን ሆነና ከእኛ ሰው ማንም አልመጣም። ወረቀቱ ላይ ቀኑም ማግስቱም ይያዝ ባይ ነኝ።

---

ሮኬት

ሁለት ቀን ከተያዘማ ትምህርት ቤቱ ሁለት ቀን ይዘጋል ማለት ነው? አንዱን ቀን ጽፎ «እንደ ጨረቃዋ» ብሎ ማለፍ አይሻልም?

---

ጁገል

ይዘጋ አላልኩም። ፈተና አታስገቡበት ነው ያልኩት።

---

የከዚራዋ

እሱን ርዕሰ መምህሩ ይወስን። እኔ ግምቱን በግራጫ ቀለም፣ የታወጀውን በጥቁር እንዲያሳይ አድርጌያለሁ። C ባዶ ከሆነ ግራጫ።

አሁን የቀረኝ ሁለቱን ሺቶች ማገናኘት ነው። ዋናው ሺቴ በእኛ ዓመት ነው የሚሄደው፣ ይህኛው በሒጅራ። ለ2018 የትኛው የሒጅራ ዓመት እንደሆነ አንድ ቁጥር ቀንሼ ላውቀው እችላለሁ?

---

ሒሳብ ሹም

አትችዪም፣ ቁጥሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዒድ አልፈጥር ይገባል። 2002ን በዚሁ ፎርሙላ ብታዪው ለ1430 መስከረም 11 ያወጣል፣ ለ1431 ደግሞ ጳጉሜን 5። ሁለቱም 2002 ናቸው። አንድ ሴል ብቻ ካዘጋጀሽ አንዱ ይጠፋብሻል።

በመስከረም 1 እና በቀጣዩ መስከረም 1 መካከል ያሉትን ይዘሽ ነው የምታመጪው፦

```
=FILTER(ሒጅራ!D:D,(ሒጅራ!D:D>=D2)*(ሒጅራ!D:D<D3))
```

D3 የቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 ነው። የD ርዕስ ያለበትን የመጀመሪያ ረድፍ እንዳይነካ ግን ክልሉን `D2:D60` ብለሽ ወስኚው። ሁለት ዒድ ያለበት ዓመት ላይ ደግሞ ከሥሩ ባዶ ሴል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከሰንጠረዡ ውጭ አስቀምጪው።

---

የከዚራዋ

የቢሮው ኤክሴል አሮጌ ነው፣ `FILTER` የሚባል አያውቅም። ጎግል ሺት ላይ ሠርቷል፣ ግን ጽሕፈት ቤቱ ኢንተርኔት በሄደ ቁጥር ማን ይከፍተዋል? ያለ `FILTER` የሚሆን መንገድ ያለው ሰው አለ?

---

አቦል

`COUNTIFS` በመጀመሪያ ስንት ዒድ እንዳለ ቆጥሮ ይነግርሻል፣ ከዚያ `SMALL` አንደኛውን፣ ሁለተኛውን እያለ ያወጣል መሰለኝ። ነገ ላፕቶፕ ሳገኝ እሞክረዋለሁ። በስልክ ጣቴ ደከመ።

---

የቁልቢ መንገደኛ

ወንድሜን ነገርኩት። «የ2020ውን ጻፍልኝ» አለ። ሐምሌ 19ንም ጨምሪልን፣ እሱም ንግሥ ነው።

---

የከዚራዋ

`=D2+318`። ለ2019 ጁላይ 26፣ ለ2020 ደግሞ ጁላይ 26። አዎ ሁለቱም 26 ነው፣ የፈረንጁ ፌብሩዋሪ 29 መሐል ገብቶ አስተካክሎታል። አቦል፣ የ`SMALL`ዋን ነገር እየጠበቅኩ ነው።